በሁለት ቋንቋ የተመከረበት ቃለ ጉባኤ ምንድን ነው?

በአሜሪካ የሚገኝ የኢትዮጵያውያን ዕድር ቦርድ ሲሰበሰብ አንጋፋዎቹ በአማርኛ ይከራከራሉ፤ እዚያው ተወልደው ያደጉት በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ፤ ክርክሩም ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ማኅደር ውስጥ የሚገባው ቃለ ጉባኤ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። የቼክ ፈራሚ ሲቀየር የባንኩ ሠራተኛ፣ ሒሳብ ሲመረመር ኦዲተሩ የሚያነቡት በዚያ ቋንቋ ነውና። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እንዲህ ያለው መዝገብ ነው፤ ምክክሩ በሁለት ቋንቋ፣ ይፋዊ ቅጂው በአንድ።

ብዙ ጸሐፊዎች ሥራውን ትርጉም አድርገው ስለሚያዩት ይደክማሉ። ሦስት ሰዓት የፈጀውን ክርክር በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ሌሊቱን ያድራሉ። ቃለ ጉባኤ ግን በዋናነት የሚይዘው የተወሰነውን እንጂ የተባለውን አይደለም። ክርክሩ በየትኛውም ቋንቋ ይካሄድ፤ ቃል በቃል መጠበቅ ያለበት የውሳኔ ሐሳቡ ነው። እሱም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፣ ሁሉም ተቀምጠው ሳለ፣ በይፋዊው ቅጂ ቋንቋ ተጽፎ ማለቅ አለበት።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ አባል «ከ2,000 ዶላር በላይ ለሚወጣ ገንዘብ ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ ይፈርሙ» ይላሉ። እጅ ይወጣል፣ ሐሳቡ ያልፋል፣ ጸሐፊዋ ቤቷ ገብታ በእንግሊዝኛ ትጽፈዋለች። ችግሩ ባንኩ ዘንድ ይመጣል። ቅጹ አንድ ፊርማ ይበቃል ወይስ ሁለቱም ያስፈልጋሉ ብሎ ይጠይቃል። ሐሳቡን ያቀረቡት ሁለቱም በአንድ ቼክ ላይ እንዲፈርሙ ፈልገው ነበር፤ ከመራጮቹ ገሚሶቹ ግን ከሁለቱ አንዳቸው ቢፈርሙ ይበቃል ብለው ነው እጃቸውን ያወጡት። ጸሐፊዋ በእንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን ስትመርጥ፣ ቦርዱ ያልወሰነውን ብቻዋን ወሰነች ማለት ነው።

ይህን ማስቀረት የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው። ሐሳቡ እንደቀረበ ጸሐፊዋ በእንግሊዝኛ ጽፋ ጮክ ብላ ታነባለች፦ ከ2,000 ዶላር በላይ የሆነ እያንዳንዱ ቼክ የሊቀመንበሩንም የገንዘብ ያዡንም ፊርማ ይፈልጋል። ያንኑ በአማርኛ ትደግምና አቅራቢውን «ያሉት ይህንን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። አዎ ሲሉ ብቻ ድምፅ ይሰጣል። በመዝገቡም ሐሳቡ ከድምፁ በፊት በሁለቱም ቋንቋ መነበቡን አንድ መስመር ታክላለች። ይህች መስመር በኋላ «እኔ የመረጥኩት ሌላ ነበር» ለሚል ሰው መልስ ናት።

ቀንና ሰዓት ደግሞ ሳይታወቅ የሚያሳስቱ ናቸው። «እስከ መስከረም 5 ይከፈል» የተባለው በቸልታ ሴፕቴምበር 5 ተብሎ ከተጻፈ ቀጠሮው በአሥር ቀን ይቀድማል። መስከረም 5 ሴፕቴምበር 15 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ ደግሞ 16። «ማታ 12 ሰዓት እንገናኝ» ማለትም በአሜሪካ አቆጣጠር ምሽት 6 ሰዓት እንጂ እኩለ ሌሊት አይደለም። ስለዚህ በይፋዊው ቅጂ የሚሰፍረው የአሜሪካው አቆጣጠር ብቻ ይሁን፤ ልወጣውም ስብሰባው ላይ ይደረግ።

ሌላው ዝምታ ነው። «ጉባኤው ተስማማ» የሚለው ሐረግ ለአማርኛ መዝገብ ይበቃ ይሆናል፤ ለባንክ ግን ስንት ደገፉ፣ ስንት ተቃወሙ፣ ስንት ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ የሚለው ቢለይ ይሻላል። አንድ አዛውንት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ዝም ቢሉ፣ ድጋፍ ነው ወይስ ይቆይ ማለታቸው? ጸሐፊዋ አትገምት። ምሳሌውን መዝገብ ላይ ማስፈር አያሻትም፤ ድምፃቸውን ግን በአክብሮት ትጠይቃቸው።

ከግብር ነፃ የሆኑ ድርጅቶች በየዓመቱ ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት የሚያቀርቡትን ፎርም 990 በሙሉው የሚሞሉ ላይ የጊዜ ገደብም ይመጣል። ሙሉው ፎርም 990 ቦርዱ የስብሰባዎቹን መዝገብ በወቅቱ መያዙን ይጠይቃል። በወቅቱ ማለት እስከ ቀጣዩ ስብሰባ ወይም ስብሰባው ከተካሄደ እስከ 60 ቀን፣ ከሁለቱ የዘገየው ነው። አማርኛውን ማስታወሻ ደብተር ላይ አስቀምጦ ለዓመቱ መጨረሻ መተርጎም አያዋጣም።

የእጅ ማስታወሻው ራሱ ቃለ ጉባኤው እስኪጸድቅ ይቆይ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግበት ቦርዱ አስቀድሞ ይወስን። ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ተፈርመው ሲቀመጡ ጠበቃ ካልተጠራ በቀር የትኛው እንደሚገዛ የሚናገር የለም፤ ለዚህም መተዳደሪያ ደንቡ የእንግሊዝኛው ቅጂ ይገዛል የሚል አንቀጽ ቢኖረው ይበጃል። የጸደቀ ቃለ ጉባኤ ላይ ስሕተት ከተገኘ ጸሐፊዋ ፋይሉን ከፍታ በዝምታ አታስተካክልም። እርማቱ በቀጣዩ ስብሰባ ይቀርባል፣ በሁለቱም ቋንቋ ይነበባል፣ ድምፅ ይሰጥበታል፣ በዚሁ በቀጣዩ ስብሰባ መዝገብም ይሰፍራል።