የመሬት ደብተርን ከስካን ወደ መዝገብ መገልበጥ

የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫን ብዙ ገበሬ በአጭሩ «ደብተር» ይለዋል። በመጀመሪያው ዙር በተሰጠው ደብተር ላይ የማሳው ካርታ አይገኝም። ያለው በእጅ የተሞላ ሠንጠረዥ ነው፤ የማሳ ቁጥር፣ ስፋትና በአራቱ አቅጣጫ ያሉ አዋሳኞች።

ስካን የተደረገውን ደብተር ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ሰው መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። አንድ ደብተር አንድ መስመር አይደለም። ሦስት ቦታ ማሳ ያለው ሰው ሦስት መስመር ይወጣለታል፤ የሚያገናኛቸውም የደብተሩ ቁጥር ነው። ከምስል ፊደል የሚለቅም ሶፍትዌር የታተመውን ርዕስ ደህና አድርጎ ያነባል። እስክሪብቶ ላይ ሲደርስ ግን ይቀባጥራል፤ እዚያ የሰው ዓይን ያስፈልጋል።

ስፋቱ አንዳንዴ በሄክታር፣ አንዳንዴ በጥማድ ይጻፋል። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው፤ ሩብ ሄክታር ገደማ ይባላል እንጂ እንደየአካባቢው ይለያያል። ስለዚህ «2 ጥማድ» የሚለው እንዳለ ይገባል፤ 0.5 ሄክታሩ በሌላ ዓምድ፣ ግምት ተብሎ። ነጥቧ በስካን ስትጠፋ 0.25 «025» ሆኖ ይታያል፤ 25 ብሎ የገለበጠ ሰው አንዱን ገበሬ ባለ ርስት አደረገው ማለት ነው።

ባለይዞታው ላይ የሚሠራው ስህተት ሌላ ነው። በ2016 በአዲስ አዋጅ የተተካው አዋጅ 456/1997 የጋራ ይዞታ ደብተር በሁሉም ባለይዞታዎች ስም እንዲዘጋጅ ይል ነበር፤ ባልና ሚስትም እንዲሁ። መዝገቡ ለስም አንድ ሳጥን ብቻ ካለው የምትቀረው ብዙ ጊዜ ሚስት ናት።

ዋናው ማመሳከሪያ ግን አዋሳኝ ነው። ወንዝና መንገድ ደብተር የላቸውም፤ ጎረቤት ግን አለው። የአንዱ ምዕራብ የሌላው ምሥራቅ መሆን አለበት። እንበልና የማሳ 2 ምዕራብ «ኃይሉ» ይላል። የእሱን ደብተር ስንፈልግ «ሀይሉ» ተብሎ ተጽፏል። ፍለጋው ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ኃን አንድ አድርጎ ካላየ ሰውየው የለም ይለናል። ለፍለጋው ፊደሉ ይስተካከል፣ መዝገቡ ላይ ግን እንደተጻፈው ይቆይ።

ደብተሩ ተገኘ። የኛ ሰው በኃይሉ ምሥራቅ መገኘት ሲገባው በምዕራብ ከተጻፈ፣ አንደኛው ላይ ዓምድ ተዛንፏል፤ ሁለቱም ምስሎች እንደገና ይታያሉ። በኃይሉ ምሥራቅ ላይ የኛ ሰው አባት ስም ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መሬቱ በውርስ ተላልፎ የጎረቤት ደብተር ሳይታደስ ቀርቶ ይሆናል። ገልባጩ ይህን አያርምም። ያየውን ይጽፋል፣ ምልክት ያደርግበታል፣ ጉዳዩን ለቀበሌው የመሬት ባለሙያ ይልካል።