ቁጥሩን አይቶ ማዶውን መሳት፦ ስለ አውቶቡስ ካርታ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ቁጥሩ ልክ ከሆነ የመጣው አውቶቡስ ያደርሰኛል።»

ቁጥር የመስመሩ መጠሪያ ነው፤ አቅጣጫ አይናገርም። አብዛኛው መስመር ሁለት ጫፍ አለው፤ ከዚህኛው ጫፍ ተነስቶ የሚሄደውም ከዚያኛው የሚመለሰውም አውቶቡስ ግንባሩ ላይ የሚይዘው ያንኑ ቁጥር ነው። ነገሩን በጎንደር መንገድ ላይ ለማየት እንዲያመቸን፣ ከአዘዞ ፒያሳ የሚሄደውን መስመር 4 ብለን እንጥራው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የተሰጠ ነው። በሁለቱ መካከል ባለው ፌርማታ፣ ማራኪ ላይ የቆመ ሰው ባለ 4 ቁጥር አውቶቡስ ከሁለቱም በኩል ሲመጣ ያያል፤ አንዱ ወደ ፒያሳ ይወጣል፣ ሌላው ወደ አዘዞ ይወርዳል።

ስለዚህ ከካርታው ላይ ሁለት ነገር በቃልዎ ይያዙ፦ ቁጥሩንና በሚሄዱበት አቅጣጫ ያለውን የመጨረሻውን ፌርማታ ስም። የመጨረሻውን የምለው በምክንያት ነው። ከአዘዞ ተነስተው ማራኪ የሚወርዱ ከሆነ አውቶቡሱ ላይ «ማራኪ» የሚል ጽሑፍ ቢፈልጉ ላያገኙ ይችላሉ፤ የሚጻፈው የመስመሩ ጫፍ፣ ማለትም «ፒያሳ» ነው። ማራኪ በመንገድ ላይ ያለ ፌርማታ ነው። በካርታው ላይ ጣትዎን ከተነሱበት ነጥብ ወደሚወርዱበት ነጥብ ያስኪዱ፤ እዚያ ሲደርሱ አያቁሙ፣ በዚያው አቅጣጫ እስከ ቀለሙ ማብቂያ ይቀጥሉ። እዚያ የተጻፈው ስም ነው አውቶቡሱ ግንባር ላይ የሚፈልጉት።

«የምሄድበት ቤት ከመንገዱ በግራ በኩል ስለሆነ የምሳፈረውም ከግራ በኩል ነው።»

ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቤቱ፣ ቢሮው ወይም ቤተ ክርስቲያኑ በየትኛው በኩል እንዳለ የሚያስፈልገው ከአውቶቡስ ሲወርዱ ነው፤ መንገድ መሻገር አለመሻገርዎን የሚወስነው እሱ ነው። ለመሳፈር ግን የሚታየው መድረሻው ከቆሙበት ቦታ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች የሚለው ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው፤ የአውቶቡሱም የተሳፋሪ በር የሚከፈተው በቀኝ ጎኑ ነው። ከዚህ አንድ ቀላል መፈተሻ ይወጣል። ፌርማታው ላይ ቆመው ፊትዎን ወደ አስፋልቱ ያዙሩ። በእርስዎ በኩል የሚያልፉት መኪኖች ከግራዎ መጥተው ወደ ቀኝዎ ነው የሚሄዱት። እንግዲህ መድረሻዎ በቀኝዎ በኩል ከሆነ በትክክለኛው ጎን ቆመዋል። በግራዎ ከሆነ ማዶ ይሻገሩ።

ይህን በአንድ ሰው ጉዞ እንየው። ማራኪ የሚኖሩ እናት ጠዋት ፒያሳ ጉዳይ አላቸው እንበል። ካርታውን ሲያዩ አዘዞ ከደቡብ ምዕራብ፣ ፒያሳ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ ተቀምጠዋል፤ መስመር 4 ማራኪ ላይ በሁለቱ መካከል ያልፋል። ከቤታቸው ወጥተው የደረሱት አስፋልቱ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዞሩ፤ የጠዋት ፀሐይ ዓይናቸው ላይ ወጣች፣ ማለት ወደ ምሥራቅ እያዩ ነው። ወደ ምሥራቅ ለሚያይ ሰው ቀኙ ደቡብ ነው፤ ወደ ደቡብ ያለው አዘዞ ነው። ባለ 4 አውቶቡስ መጥቶ ቆመ።

«ልጄ፣ ይሄ ፒያሳ ይሄዳል?»

«አይ እማማ፣ ይሄ ወደ አዘዞ ነው። ማዶ ይሻገሩ።»

ተሻግረው ምሥራቃዊው ጠርዝ ላይ ቆሙና እንደገና ወደ አስፋልቱ ዞሩ። አሁን ፀሐይዋ ከጀርባቸው ናት፤ ቀኛቸው ሰሜን ሆነ፣ ፒያሳም በዚያ በኩል ናት። ቀጥሎ የሚመጣው ባለ 4 የእሳቸው ነው። ከሰዓት በኋላ ቢሆን ኖሮ የፀሐይዋ ነገር ይገለበጣል፤ ቀኝና ግራው ግን ያው ነው።

ፀሐይ ደመና ውስጥ ከገባች ጎንደር ሌላ ምልክት አላት። ፒያሳ ከፍ ያለች ናት፣ አዘዞ ዝቅ ያለ ነው። የአንገረብና የቀሃ ወንዞችም የሚወርዱት ወደ ደቡብ፣ ወደ ጣና አቅጣጫ ነው። በካርታው ላይ የወንዞቹን መስመር ካገኙ ውኃው የሚሄድበት ወገን የአዘዞ ወገን ነው ብለው ይያዙ። ከዚህ ከተማ ውጭ ላደገ እንግዳ ይህ ከመንገድ ስም ይበልጥ ይረዳዋል።

«ካርታው ላይ ቀለሙ ከመንገዱ በስተቀኝ ስለተሰመረ ፌርማታውም በዚያ በኩል ነው።»

ካርታ ሠሪው ቀለሞቹን ጎን ለጎን የሚያሰምረው አንዱ ሌላውን እንዳይሸፍነው ነው። ሦስት መስመሮች በአንድ አስፋልት ላይ ቢያልፉ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ተደርድረው ይሳላሉ፤ ሦስቱም አውቶቡሶች ግን ሲሄዱ በአንዱ ጠርዝ፣ ሲመለሱ በሌላው ይቆማሉ። የፌርማታው ነጥብም ብዙ ጊዜ ሁለት ፌርማታዎችን በአንድ ስም ይወክላል፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ማዶ። እነሱም ፊት ለፊት ላይሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ከመገናኛው በፊት፣ ሌላው ከመገናኛው በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማዶ ተሻግረው ፌርማታ ካጡ ትንሽ ወደ ላይም ወደ ታችም ይመልከቱ።

በአንዳንድ ካርታ ላይ ከነጥቡ አጠገብ ትንሽ ቀስት ይኖራል። ቀስት ያለበት ፌርማታ አውቶቡሱ የሚቆምበት በዚያ አቅጣጫ ሲሄድ ብቻ መሆኑን ነው የሚናገረው። የካርታውን መግለጫ ሳጥን ማንበብ የሚያስፈልገውም በተለይ ለዚህ ነው። አንድ መስመር በሌላው ላይ ሲያልፍ ነጥብ ከሌለው ደግሞ እዚያ ቦታ መውረድ አይቻልም፤ ቀለሞቹ አንዱ በሌላው ላይ አለፉ እንጂ አውቶቡሶቹ እዚያ አይቆሙም።

«ስልኬ ያለሁበትን ስለሚያሳየኝ በየትኛው ጠርዝ እንደቆምኩ ያውቃል።»

የስልክ ቦታ ጠቋሚ ሜዳ ላይ እንኳ በአምስት ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፤ ሕንፃ ሲከበው ደግሞ ስሕተቱ ይሰፋል። የአስፋልቱ ስፋትም ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ሰማያዊዋ ነጥብ ማዶ ላይ ብትታይ እግርዎ ማዶ ነው ማለት አይደለም። ስልኩን ለመስመሩና ለፌርማታው ስም ይጠቀሙበት፤ ጎኑን በዓይንዎ ይለዩ።

«አደባባይ አጠገብ ከሆነ የትም ቆሜ ማስቆም እችላለሁ።»

ቀኝና ግራ የሚለው መፈተሻ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ አደባባይ ላይ ግን ያደናግራል። አውቶቡሱ ከአንደኛው መንገድ ገብቶ፣ አደባባዩን በግራው አድርጎ ዞሮ፣ በሌላው ይወጣል። እርስዎ ደግሞ አሁን ወደየትኛው መንገድ እንደሚያዩ እርግጠኛ አይሆኑም። መፍትሔው ከአደባባዩ መራቅ ነው። በካርታው ላይ መስመርዎ ከአደባባዩ የሚወጣበትን መንገድ ያግኙ፤ ወደ መድረሻዎ የሚወስደውን ማለቴ ነው። በእግርዎ እዚያ መንገድ ውስጥ ይግቡ፤ ጀርባዎን ለአደባባዩ ሰጥተው ሲሄዱ በቀኝዎ ባለው ጠርዝ ይጠብቁ። ከየትም ዞሮ ቢመጣ ወደዚያ የሚሄደው አውቶቡስ በዚያ በኩል ያልፋል።

የመስመሩ መነሻ ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ አይሠራም። አውቶቡሱ ተሳፋሪ አራግፎ፣ ዞሮ፣ እዚያው ሰው ስለሚጭን ሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። እዚያ የሚያዋጣው «መሄዱ ነው ወይስ መጨረሻው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

«ጠዋት ከወረድኩበት ቦታ ማታ እሳፈራለሁ።»

ለመመለስ መሻገር ያስፈልጋል። ከላይ ያየናቸው እናት ፒያሳ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ወርደው ቢሆን ኖሮ፣ በወረዱበት ጠርዝ ቢጠብቁ የሚመጣው አውቶቡስ አሁንም ወደ ፒያሳ የሚወጣ ነው። ይህን የሚያፈርሱ ሁለት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ መመለሻው ማዶ ሳይሆን በሌላ ጎዳና ላይ ነው፣ ካርታውም መስመሩን ለሁለት ከፍሎ በቀስት ያሳያል። ሁለተኛው ክብ መስመር ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ከሆነ ከወረዱበት ጠርዝ ተሳፍረው፣ ቀሪውን ዙር ጨርሰው ይመለሳሉ።

ጎንደር ውስጥ አንድ ሦስተኛ ነገር ልጨምር። በጥምቀት፣ ጥር 10 እና 11፣ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱና ሲመለሱ መንገዱን ሕዝብ ይሞላዋል። ተሽከርካሪ በሌላ መንገድ ሊዞር ስለሚችል በእነዚያ ቀናት የታተመ ካርታን አይመኑ፤ ትራፊክ ፖሊሱን ወይም ረዳቱን ይጠይቁ።

«ቀኝ የሚለው ደንብ የትም አገር ይሠራል።»

ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያና እንግሊዝ የሚነዳው በግራ ነው። እኛም አገር በቀኝ መነዳት የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። ከጎንደር ተነስቶ ናይሮቢ የገባ ሰው ፊቱን ወደ አስፋልቱ ሲያዞር መድረሻው መሆን ያለበት በግራው በኩል ነው፤ ሲሻገርም መጀመሪያ ማየት ያለበት ወደ ቀኙ ነው። በማያውቁት አገር የትኛው እንደሆነ ከጠፋዎት፣ የቆመ አውቶቡስ ፈልገው ሰው የሚገባበት በር በየትኛው ጎኑ እንዳለ ይዩ፤ በሩ በግራው ከሆነ የሚነዳው በግራ ነው፣ በቀኙ ከሆነ እንደ እኛው ነው።