የመውጫ ቅደም ተከተል ምንድን ነው? ስታር ዋርስን ከየት እንጀምር?

ስታር ዋርስን ለማየት የወሰነ አዲስ ተመልካች መጀመሪያ የሚያደናግረው ቁጥሩ ነው። «ክፍል 1» የሚለውን ያያል፣ ከዚያ ይጀምራል። ግን ክፍል 1 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከሁሉም ቀድሞ በ1977 የወጣው ፊልም ደግሞ ዛሬ «ክፍል 4» ይባላል። ይህ ቁጥር መጀመሪያ ላይ አልነበረም፤ በ1981 ፊልሙ ዳግም ሲታይ ነው የተጨመረበት።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ፊልሞቹን ለተመልካች በቀረቡበት ተራ ማየት ነው፤ የመውጫ ቅደም ተከተል የሚባለው ይህ ነው። ሌላው በታሪኩ ውስጥ ቀድሞ የተከሰተውን ማስቀደም ነው፤ ይህ የታሪኩ የጊዜ ቅደም ተከተል ነው።

ለአዲስ ሰው እኔ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው። በ1977 ሲኒማ የገባ ሰው ስለዚያ ዓለም ምንም አያውቅም ነበር። ፊልሙም ይህን አውቆ ነው የተሠራው። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ሉክ፣ ጄዳይ የሚባሉት ተዋጊዎች ምን እንደሆኑ ሲነገረው እኛም አብረነው እንሰማለን። የ1999ኙ ፊልም ግን ብዙውን ነገር አስቀድመን እንደምናውቅ ቆጥሮ ይነሳል። አናኪን የሚባለው ልጅ ገና ስክሪኑ ላይ ሲታይ ሆዳችንን የሚያባባው የወደፊቱን ስለምናውቅ ነው። ይህን ለማያውቅ ሰው ግን እንደማንኛውም ጎበዝ ልጅ ነው።

ከክፍል 1 የመጀመር ዋናው ጉዳት ግን የሚመጣው በ1980ው ፊልም ላይ ነው። መጨረሻው አካባቢ የሉክ ጠላት የሆነው ዳርዝ ቬደር ለሉክ አንድ ነገር ይነግረዋል። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም፤ ሳያውቀው የደረሰ አንባቢ ካለ ደስታውን መንጠቅ አልፈልግም። ከክፍል 1 የጀመረ ሰው ግን እዚያ ሲደርስ ነገሩን ካወቀ ቆይቷል። ሉክ ይደነግጣል፣ ተመልካቹ ደግሞ እሱ እስኪደርስበት ይጠብቃል።

ስለዚህ 1977፣ 1980 እና 1983ን እዩ፤ ከዚያ ወደ 1999፣ 2002 እና 2005 እለፉ። አንዳንድ አድናቂዎች ከ1980ው በኋላ ያቆሙና ወደ ኋላ ተመልሰው የአናኪንን ታሪክ ያያሉ፣ የ1983ቱን ለመደምደሚያ ያስቀሩታል። ይህም ምስጢሩን አያበላሽም። በጊዜ ቅደም ተከተል ማየት ለሁለተኛ ዙር ይሁን። ያኔ የአንድ ሰው ውድቀት ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይቆራረጥ ይታያል፣ በጣም ደስ ይላል።

የማርቭል የልዕለ ጀግና ፊልሞች ላይም ችግሩ ያው ነው። የ2019ኙ ካፕቴን ማርቭል ታሪኩ በ1995 ስለሆነ በጊዜ ቅደም ተከተል ከመጀመሪያዎቹ ተራ ይገባል። ነገር ግን ስሞች መውረድ ከጀመሩ በኋላ የምትመጣው አጭር ትዕይንት በ2018 የወጣውን ኢንፊኒቲ ዋር መጨረሻ ተከትላ የመጣች ናት። ያንን ላላየ ሰው ትዕይንቷ ግራ ታጋባለች፣ ከዚያም አልፎ ገና ብዙ ፊልም የሚቀረውን ነገር ጫፉን ታሳየዋለች።