ዲግሪ ሻጮችና የዕውቅና ወረቀታቸው

ዲግሪ የሚሸጡ ተቋማት በእንግሊዝኛው «ዲፕሎማ ሚል» ይባላሉ፤ የዲፕሎማ ወፍጮ እንደ ማለት ነው። እኛ «ፎርጅድ» ከምንለው ይለያሉ። ፎርጅድ የሚሠራው ሰው በእውነት ያለ ዩኒቨርሲቲ ስምና ማኅተም ይሰርቃል። ዲግሪ ሻጩ ግን «ዩኒቨርሲቲውን» ራሱ ይከፍታል። ድረ ገጽ አለው፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው አለው፣ የዕውቅና ደብዳቤም አለው። ስለዚህ «ዕውቅና አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ሁለት ጥያቄዎች ግን ያስጨንቋቸዋል። ዕውቅናውን ማን ሰጣችሁ? ለሰጪውስ ሥልጣኑን ማን ሰጠው?

ይህን በደንብ የሚያሳየው የሴንት ሬጂስ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው። ስሙ ትልቅ ቢሆንም ግቢም ክፍልም አልነበረውም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስፖኬን ከተማ፣ አንድ ባልና ሚስት ከጥቂት ሠራተኞች ጋር በኢንተርኔት የሚያንቀሳቅሱት ንግድ ነበር። ተማሪው ኮርስ አይወስድም። የሥራና የኑሮ ልምዱን ጽፎ ይልካል፣ ይከፍላል፣ ዲግሪው ከነውጤት መግለጫው በፖስታ ይመጣለታል። አንድ የአሜሪካ መርማሪ ጡረታ የወጣ የሶሪያ ጦር መኮንን መስሎ አመለከተ። አንድ ወር ሳይሞላ በኬሚስትሪና በአካባቢ ምህንድስና ዲግሪዎች ደረሱት። የከፈለው 1,277 ዶላር ነው።

የዕውቅናውን ነገር ያስተካከሉበት መንገድ ነው ጉድ የሚያሰኘው። አሜሪካ ውስጥ ዕውቅና እንደማያገኙ ያውቃሉ። ስለዚህ ላይቤሪያን መረጡ። ያኔ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት የተጎሳቆለች ነበረች፤ ከውጭ ሆኖ ሞንሮቪያ ደውሎ የሚያጣራ ቀጣሪ የት ይገኛል? ለላይቤሪያ ባለሥልጣናት ከ43,000 ዶላር በላይ ጉቦ እንደተከፈለ በኋላ በፍርድ ቤት ተረጋገጠ። ጉቦ ከተቀበሉት አንዱ ዋሽንግተን ዲሲ ባለው የላይቤሪያ ኤምባሲ የሚሠራ ዲፕሎማት ነበር። ያ ዕውቅና ማታለያ ቢሆንም ወረቀቱ ግን ከእውነተኛ ባለሥልጣን እጅ የወጣ ነው። ተጠራጥሮ ኤምባሲ የጠየቀ ሰው እንኳ ሊሳሳት ይችል ነበር። የምስክር ወረቀት የሚያረጋግጥ ቢሮም ራሳቸው ከፍተው ነበር። ቀጣሪው «ይህ ሰው ከእናንተ ተመርቋል?» ሲል መልሱን የሚሰጡት ሻጮቹ ናቸው።

ንግዱ በ2005 እ.ኤ.አ. በፍተሻ ተዘጋ። ባልና ሚስቱ በ2008 እ.ኤ.አ. እያንዳንዳቸው ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። የገዢዎቹ ቁጥር ከ9,000 በላይ ነበር። ስማቸውም በጋዜጣ ወጣ።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው የማጣራት አቅጣጫ አለ። ተቋሙ ከሰጠን ደብዳቤ፣ ሊንክ ወይም ስልክ አንነሳም። ከመንግሥት ዝርዝር ተነስተን ወደ ተቋሙ እንወርዳለን። ለአሜሪካ ተቋም የአገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴር ዝርዝር `ope.ed.gov/dapip` ላይ አለ። እዚያ የሚፈለገው የዩኒቨርሲቲው ስም ብቻ አይደለም፤ ዕውቅና ሰጪው አካልም መኖር አለበት። ሻጮቹ «ዓለም አቀፍ» እና «ቦርድ» የሚሉ ቃላት ያሉበት ዕውቅና ሰጪ በአንድ ቀን ፈጥረው ድረ ገጽ ይከፍቱለታል። ዩኔስኮ ዕውቅና ሰጥቶናል የሚል ካለ ደግሞ ያኔውኑ መተው ነው። ዩኔስኮ ለዩኒቨርሲቲ ዕውቅና አይሰጥም። በ`.edu` የሚያልቅ አድራሻም ብቻውን ማስተማመኛ አይሆንም። ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዕውቅና ላላቸው የአሜሪካ ተቋማት ብቻ ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት የያዙት ግን አልተነጠቁም።

ሌሎቹ ምልክቶች በዋጋው ውስጥ ይታያሉ። እውነተኛ ተቋም የሚያስከፍለው በክሬዲት ወይም በተርም ነው። ሻጩ ግን ለዲግሪው በጥቅሉ አንድ ዋጋ ይነግርሃል፣ ሁለተኛ ስትጨምር ቅናሽ ያደርጋል። ለኔ ከሁሉ የከፋው ምልክት ቀኑ ነው። «የምረቃው ዓመት ስንት ይሁን?» ብሎ የሚጠይቅ ተቋም ትምህርት ቤት አይደለም። የሕይወት ልምድን በክሬዲት መቁጠር በራሱ ወንጀል አይደለም፤ እውነተኛ ዩኒቨርሲቲዎችም ፈትነው ጥቂት ኮርሶችን ይተካሉ። ሙሉ ዲግሪ ግን በልምድ ብቻ አይሰጡም።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ ማታለያው መልኩን ይቀይራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ዕውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ የቀድሞው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ማለት ነው። እዚህ ብዙ ሰው የሚጎዳው ጨርሶ ዕውቅና በሌለው ኮሌጅ አይደለም። ግማሽ ዕውቅና ባለው ነው። ዕውቅናው ለኮሌጁ በጅምላ አይሰጥም። ለአንድ ካምፓስ፣ ለአንድ የትምህርት መስክ፣ ለአንድ ደረጃ፣ ለመደበኛ ወይም ለማታ ወይም ለርቀት ተለይቶ ይሰጣል። የጊዜ ገደብም አለው።

አንዲት ተማሪ አዳማ ላይ አካውንቲንግ በርቀት ልትማር ነው እንበል። ሬጅስትራር ቢሮ ግድግዳ ላይ የዕውቅና ደብዳቤ በፍሬም ተሰቅሏል። ማኅተሙ እውነት ነው፣ ፊርማውም እውነት ነው። ቀረብ ብላ ስታነብ ግን ደብዳቤው አዲስ አበባ ላለው ካምፓስ፣ ለማኔጅመንት፣ በመደበኛ ይላል። ለእሷ ምንም አይሠራላትም። አራት ዓመት ከፍላ ስትጨርስ ባለሥልጣኑ ማስረጃዋን አያረጋግጥላትም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ስለዚህ «ያለፉት ተማሪዎቻችሁ በዚህ መስክ፣ ከዚህ ካምፓስ ተፈትነዋል?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ መፈተኛ ነው። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ወረቀት ወይም የማኅበር አባልነት ሰርተፍኬት አጠገቡ ተሰቅሎ ከሆነም አንዳቸውም የማስተማር ዕውቅና አይደሉም።

ዕውቅናው ሁሉ ትክክል ሆኖ ዲግሪው ሐሰት የሚሆንበት ጊዜም አለ። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ነርሲንግ ስለሚያበዙ ይህን ቢያውቁት ደስ ይለኛል። በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ዲፕሎማ ሸጠዋል ተብሎ ክስ ተመሠረተ። ትምህርት ቤቶቹ ፈቃድ ነበራቸው። ገዢዎቹ ለአንዱ ከ10,000 እስከ 15,000 ዶላር ከፍለዋል። ወደ 2,400 የሚሆኑት ብሔራዊ ፈተናውን አልፈው ነበር። ከዚያ በኋላ የየግዛቱ ነርሲንግ ቦርዶች የገዢዎቹን የነርስነት ፈቃድ መንጠቅ ጀመሩ። እዚህ ላይ ዝርዝር ማየት አያድንም። የሚያጋልጠው የክሊኒክ ልምምዱ ነው፤ በየትኛው ሆስፒታል፣ ስንት ሰዓት፣ በማን ክትትል? መልሱ «እሱን እኛ እንሞላዋለን» ከሆነ የሚሸጠው ወረቀት ነው።

አገር ቤት ለሚመዘገብ ሰው ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም። ደብዳቤውን በስልክ ፎቶ ያነሳል፤ የሚከለክል ተቋም ካለ ያ ራሱ መልስ ነው። የካምፓሱን ስም፣ መስኩን፣ ደረጃውን፣ የትምህርቱን ዓይነትና የሚያበቃበትን ቀን ያነባል። ከዚያ ፎቶውን ይዞ ባለሥልጣኑ ዘንድ ሄዶ ከዝርዝራቸው ጋር ያስተያያል። የመመዝገቢያው ብር የሚከፈለው ከዚህ በኋላ ነው።