የባለ ሁለት ፖርት ኔትወርክ የZ እና የY ፓራሜትሮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«Z11ን ከለካሁ Y11 ማለት 1/Z11 ነው።»

የZ ፓራሜትሮች የፖርቶቹን ቮልቴጅ በከረንት፣ የY ፓራሜትሮች ደግሞ ከረንቱን በቮልቴጅ ይገልጻሉ፤ እያንዳንዱ ፓራሜትርም የተለካበትን ሁኔታ ይዞ ነው የሚመጣው። Z11 የሚለካው ሁለተኛው ፖርት ክፍት ሆኖ ነው፤ Y11 ግን ሁለተኛው ፖርት ሾርት ተደርጎ ነው። ሁለቱ ሙከራዎች በአንድ ኔትወርክ ላይ ቢደረጉም፣ ከመጀመሪያው ፖርት በኩል ሲታይ የሚገኘው ሰርኪዩት አንድ ዓይነት አይደለም።

በሦስት ሬዚስተሮች የተሠራ የT ቅርጽ ያለው ኔትወርክ እንውሰድ። በመጀመሪያው ፖርት በኩል 20 ኦም፣ በሁለተኛው ፖርት በኩል 30 ኦም፣ ሁለቱ ከሚገናኙበት ነጥብ ወደ ጋራው መስመር ደግሞ 60 ኦም አለ። ሁለተኛው ፖርት ክፍት ሲሆን በ30 ኦሙ ውስጥ ከረንት ስለማያልፍ Z11 = 20 + 60 = 80 ኦም ይሆናል። ሁለተኛው ፖርት ሾርት ሲደረግ ግን 30 ኦሙ ከ60 ኦሙ ጋር ትይዩ ሆኖ 20 ኦም ይሰጣል፤ ጠቅላላው 40 ኦም ስለሚሆን Y11 = 0.025 ሲመንስ ነው። 1/80 ብሎ የሚያሰላ ሰው 0.0125 ያገኛል፤ ይህም የትክክለኛው ግማሽ ነው።

የሚገለበጠው ሙሉው ማትሪክስ እንጂ አንድ ቁጥር ብቻውን አይደለም። በምሳሌያችን Z22 = 90፣ Z12 = Z21 = 60 ስለሆኑ፦

Δ = Z11·Z22 − Z12·Z21 = 7200 − 3600 = 3600
Y11 = Z22/Δ = 90/3600 = 0.025

ሁለቱ መንገዶች አንድ መልስ ሰጥተዋል። Y11 ከ1/Z11 ጋር እኩል የሚሆነው Z12·Z21 ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው።

«በሾርት ሰርኪዩት ሙከራው አሜትሩ ፖዘቲቭ ስላነበበ Y21 ፖዘቲቭ ነው።»

በመጀመሪያው ፖርት ላይ 6 ቮልት ብንሰጥ 0.15 አምፔር ይገባል፤ ከዚህ ውስጥ 0.1 አምፔሩ በ30 ኦሙ አልፎ በሾርቱ በኩል ከኔትወርኩ ይወጣል። የፓራሜትሮቹ ስምምነት ግን የሁለቱም ፖርቶች ከረንት በላይኛው ተርሚናል ወደ ውስጥ ሲገባ ፖዘቲቭ ይባላል የሚል ነው። ስለዚህ I2 = −0.1 አምፔር፣ Y21 = −0.1/6 = −0.0167 ሲመንስ ይሆናል። አሜትሩ ምልክቱን ራሱ በትክክል እንዲያሳይ ከተፈለገ ጥቁር ሽቦውን ከሁለተኛው ፖርት የላይኛው ተርሚናል፣ ቀዩን ከታችኛው ጋር ማገናኘት ይገባል።

ይህ ስህተት ወደ Z ሲለወጥ ራሱን ያጋልጣል። Y12 እና Y21 ሁለቱም በተሳሳተ ምልክት ከተመዘገቡ Z12 = −60 ኦም ይወጣል፤ የT ኔትወርኩ መካከለኛ ሬዚስተርም −60 ኦም፣ በመጀመሪያው ፖርት በኩል ያለው ደግሞ 80 + 60 = 140 ኦም ነው ማለት ይሆናል። ጋራ መስመር ባለውና በሬዚስተሮች ብቻ በተሠራ ኔትወርክ ይህ ሊሆን አይችልም። የአንዱ ጥቅል አቅጣጫ የተገለበጠ ትራንስፎርመር ሲሆን ግን ኔጋቲቭ Z12 ትክክለኛ ውጤት ሊሆን ስለሚችል፣ ምልክቱን ከመቀየር በፊት የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

«አሜትር ያው ሾርት ነው፤ ቮልትሜትርም ያው ክፍት ነው።»

በቤተ ሙከራ ውስጥ ብዙ ውጤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የአሜትሩ የውስጥ ሬዚስታንስ 2 ኦም ነው እንበል። ያኔ ሁለተኛው ፖርት የተዘጋው በዜሮ ሳይሆን በ2 ኦም ስለሆነ 60 ኦሙ ከ32 ኦም ጋር ትይዩ ይሆናል፤ የመግቢያው ሬዚስታንስም 40 መሆኑ ቀርቶ 40.87 ኦም ይደርሳል። Y11 በ2 በመቶ ገደማ ያንሳል። በ6 ቮልት ወደ 0.1 አምፔር መሆን የነበረበት የሁለተኛው ፖርት ከረንት ደግሞ ወደ 0.0957 ስለሚወርድ Y21 ከ4 በመቶ በላይ ይሳሳታል። ስህተቱ በY21 ላይ የበዛው ጠቅላላው ከረንት ከመቀነሱም በላይ ክፍፍሉም ስለሚለወጥ ነው።

ችግሩ መኖሩን ማወቅ ቀላል ነው፤ ሾርት በተደረገው ፖርት ላይ ሌላ ቮልትሜትር ማድረግ ይበቃል። በዚህ ምሳሌ ዜሮ መሆን የነበረበት ቮልቴጅ 0.19 ቮልት ያሳያል። መፍትሔው ከአሜትሩ ይልቅ መጠኑ በትክክል የታወቀ የ0.1 ኦም ሬዚስተር በፖርቱ ላይ አድርጎ በእርሱ ላይ ያለውን ቮልቴጅ መለካት ነው፤ 10 ሚሊቮልት አካባቢ ይገኛል፤ ከረንቱም ከዚያ ይሰላል።

ቮልትሜትርም የራሱ ገደብ አለው። የመግቢያ ሬዚስታንሱ 10 ሜጋ ኦም ከሆነ ለእኛ ኔትወርክ ክፍት ነው ቢባል ስህተት የለውም። ይሁን እንጂ ሬዚስተሮቹ 2፣ 3 እና 6 ሜጋ ኦም ቢሆኑ በክፍቱ ፖርት ላይ 4.5 ቮልት ሊገኝ ሲገባው መሣሪያው 3.1 ቮልት ብቻ ያነባል።

«ሁለት የክፍት እና አንድ የሾርት ልኬት ካሉኝ አራቱንም Z አገኛለሁ፤ አራተኛ ልኬት ካከልኩ ደግሞ ሬሲፕሮካል መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

የመጀመሪያው ክፍል በቅድመ ሁኔታ ልክ ነው። ኔትወርኩ ሬሲፕሮካል መሆኑ፣ ማለትም Z12 እና Z21 እኩል መሆናቸው አስቀድሞ ከታወቀ Z12² = Z22·(Z11 − Z1s) ይሆናል፤ Z1s ሁለተኛው ፖርት ሾርት ሲሆን ከመጀመሪያው ፖርት የሚለካው ኢምፒዳንስ ነው። በምሳሌያችን 90 × (80 − 40) = 3600 ስለሚሆን Z12 ወይ +60 ወይ −60 ነው። ምልክቱን ይህ ዘዴ አይነግረንም። በኤሲ ሲሠራም ቅነሳው በአንድ ፍሪኩዌንሲ በተለኩ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች መካከል መሆን አለበት፤ መጠናቸውን ብቻ መቀነስ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል።

ሁለተኛው ክፍል ግን ልክ አይደለም። አራተኛው ልኬት፣ ማለትም መጀመሪያው ፖርት ሾርት ሆኖ ከሁለተኛው የሚገኘው፣ Z2s = 45 ኦም ነው። 80/40 እና 90/45 ሁለቱም 2 ናቸው። ይህ እኩልነት ግን Z12 እና Z21 ቢለያዩም የሚጸና ነው፤ ምክንያቱም Z1s = Δ/Z22፣ Z2s = Δ/Z11 ስለሆኑ ሁለቱም ሬሾዎች Z11·Z22/Δ ናቸው። ስለዚህ እኩልነቱ ከፈረሰ የሚታወቀው በአንዱ ልኬት ላይ ስህተት መኖሩ ብቻ ነው፤ ትራንዚስተር ያለበት ኔትወርክም ይህን ፈተና ያልፋል። ሬሲፕሮካል መሆን የሚረጋገጠው ከአንዱ ፖርት ወደ ሌላው ሲለካ ነው። በ6 ቮልት ከመጀመሪያው ፖርት ስንሰጥ 0.075 አምፔር ይገባል፤ በሁለተኛው 4.5 ቮልት ይገኛል። ከሁለተኛው ስንሰጥ 0.0667 አምፔር ይገባል፤ በመጀመሪያው 4 ቮልት ይገኛል። ቮልቴጆቹ ቢለያዩም ሁለቱም 60 ኦም ይሰጣሉ።

«የክፍት ሙከራውን ብቻ ሠርቼ ማትሪክሱን ብገለብጥ Yን አገኛለሁ።»

Δ ዜሮ ከሆነ የሚገለበጥ ነገር የለም። በሁለቱ መስመሮች መካከል አንድ ሬዚስተር ብቻ ያለው ኔትወርክ Z አለው፣ Y ግን የለውም፤ በላይኛው መስመር ላይ በተከታታይ አንድ ሬዚስተር ብቻ ያለው ደግሞ Y አለው፣ Z የለውም።

በተግባር ይበልጥ አሳሳቹ Δ ዜሮ ሳይሆን ለዜሮ ሲቀርብ ነው። ጎኖቹ 1 ኦም እና 1 ኦም፣ መካከለኛው 99 ኦም የሆነ T ብንወስድ Z11 = Z22 = 100፣ Z12 = 99 ነው። ሁለተኛው ፖርት ሾርት ሲሆን ከመጀመሪያው የሚታየው 100 − 99²/100 = 1.99 ኦም ነው። Z12 በ1 በመቶ ብቻ ተሳስቶ 98.01 ተብሎ ቢለካ ስሌቱ 3.94 ኦም ይሰጣል፤ Y11 በግማሽ ያህል ይወርዳል። ጥቅሎቹ በብረት ልብ ላይ በጥብቅ የተጣመሩ ትራንስፎርመሮች ከዚህ ዓይነት ናቸው፤ ስለዚህ የሾርት ሰርኪዩት ሙከራው በቀጥታ ይሠራል እንጂ ከክፍቱ ሙከራ አይሰላም።