የቴክሳስ የቤት ግብር፦ የምትከራከሩት በግምቱ እንጂ በሂሳቡ አይደለም

ብዙ ሰው የሚሸወደው ኦክቶበር ላይ የግብር ሂሳቡ ሲደርሰው ለመከራከር ሲነሳ ነው፤ ያኔ በአብዛኛው ጊዜው አልፏል። አቤቱታ የሚቀርበው በጸደይ በሚላከው የዋጋ ግምት ማሳወቂያ ላይ ነው። ቀነ ገደቡ ሜይ 15 ወይም ማሳወቂያው ከተላከ 30 ቀን ሲሆን፣ ከሁለቱ የሚዘገየው ይያዛል።

«ግብሩ ከበደኝ» ማለት ሚዛን አይደፋም፤ ስህተቱን ማሳየት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ግምቱ የተመሠረተበትን የቤታችሁን መዝገብ እዩ። 2,100 ካሬ ጫማ የሆነው ቤት 2,400 ተብሎ ከተመዘገበ፣ በካሬ ጫማ 180 ዶላር ሲሰላ 54,000 ዶላር ያለአግባብ ተጨምሯል ማለት ነው። የወለል ፕላን ወይም የልኬት ሰነድ አያይዙ።

ግምቱ የሚያዘው በጃንዋሪ 1 በነበረው ሁኔታ ስለሆነ፣ ማርች ላይ በረዶ የጎዳው ጣሪያ ለዚያ ዓመት ክርክር አይጠቅምም። የመሠረት ስንጥቅ ግን ከዚያ በፊት ከነበረ፣ ፎቶውንና የጥገና ዋጋ ማቅረቢያውን ያዙ።