ቴፍሎን፣ ካስት አይረን እና አሉሚኒየም፦ ስለ ድስቶቻችን የሚባለውና እውነታው

«ቴፍሎኑ ከተፋቀ ካንሰር ያመጣል፤ ዛሬውኑ ጣይው!»

የተላጠችው ቅንጣት ከእንቁላሉ ጋር ወደ ሆድ ብትገባ እንደገባች ትወጣለች። ቴፍሎን የማይጣበቀው ከሌላ ነገር ጋር ስለማይዋሃድ ነው። በዚሁ ምክንያት የጨጓራ አሲድ አያሟሟውም፣ አንጀትም አይመጠውም።

ወሬው ግን ከባዶ አልተነሳም። ድሮ ሽፋኑ በፋብሪካ ሲሠራ ፒኤፍኦኤ የሚባል ኬሚካል ይገባበት ነበር። ይህ ኬሚካል ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2023 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ከሚላቸው ነገሮች ጋር መድቦታል። በብዛት የተጋለጡት ግን ፋብሪካው ውስጥ የሠሩትና በአካባቢው የተበከለውን ውሃ የጠጡት ሰዎች ናቸው። ተሠርቶ ባለቀ መጥበሻ ላይ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነበር። በአሜሪካ ትልልቆቹ አምራቾች እስከ 2015 ድረስ ኬሚካሉን ትተውታል። ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት በሚኒሶታ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ቴፍሎን ከሱቅ የወጣውም ሕጉ የዚህን ኬሚካል ሰፊ ቤተሰብ ከማብሰያ ዕቃዎች ስላገደ ነው፤ ዋናው ስጋት እነዚህ ኬሚካሎች በአፈርና በውሃ ውስጥ ሳይበሰብሱ መቆየታቸው ነው።

የተፋቀ መጥበሻ መቀየሩ አይከፋም። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፤ የተፋቀው ቦታ ላይ ምግብ ይጣበቃል፣ ማይጣበቅ ብለን የገዛነው ዕቃ ደግሞ ሥራው ያ ብቻ ነበር።

«ቴፍሎን እስካልተፋቀ ድረስ የፈለግነውን ብናበስልበት ችግር የለውም።»

ጥያቄው ሙቀት ነው። አምራቾች የሚሰጡት የሙቀት ጣሪያ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ሽፋኑ ቀስ በቀስ መበላሸት ይጀምራል፤ ከ350 ዲግሪ በላይ ደግሞ ዓይን የማያየው ጋዝና ብናኝ ይለቃል። ይህን የተነፈሰ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ደረቱን ይጨንቀዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል፣ ጉንፋን መስሎትም ያልፋል። ቤት ውስጥ በጎጆ የምትኖር ወፍ ግን ትሞታለች።

ወጥ እየሠራን እዚህ ሙቀት ላይ አንደርስም። ሽንኩርት ያለ ዘይት ስናቁላላ እንኳ ውሃው እስኪያልቅ ድረስ ድስቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። አደጋው ያለው ውሃ በሌለበት ሥራ ላይ ነው፣ የእኛ ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ሥራ ሞልቶታል። ቡና መቁላትን እንውሰድ። ፍሬው ቡናማ ሆኖ መንጣጣት ሲጀምር እሱ ራሱ ወደ 200 ዲግሪ ደርሷል፤ እሳቱን የሚቀበለው የመጥበሻው ወለል ደግሞ ከፍሬው በላይ ይግላል። ቡናው እስኪታጠብ ብለን ስስ ቴፍሎን ባዶውን በኃይለኛ ጋዝ ላይ ከጣድን ጣሪያውን ለማለፍ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ቡናው ራሱ ስለሚጨስ ከሽፋኑ የሚወጣውን መለየትም አይቻልም። ቆሎ፣ ለሽሮ የሚታመስ አተር፣ ተልባ፣ ሁሉም እንደዚያው ነው።

ቴርሞሜትር የለም? መጥበሻው ላይ ጠብታ ዘይት ያድርጉ። የተለመደው የምግብ ዘይት የሚጨሰው ከ200 እስከ 230 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዘይቱ መጨስ ሲጀምር ሽፋኑ ገና ደህና ነው፣ ግን እሳቱን መቀነሻው ሰዓት ደርሷል።

«አሉሚኒየም ድስት መርሳትን ያመጣል።»

ይህ ፍርሃት የመጣው ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የአሉሚኒየም ጨው በመርፌ የተሰጣቸው ጥንቸሎች አንጎል ላይ አልዛይመርን የሚመስል ለውጥ ታየ። በኋላ በደንብ ሲመረመር ለውጡ ከአልዛይመሩ የተለየ ሆኖ ተገኘ። በ1970ዎቹ ደግሞ ለኩላሊት እጥበት በሚውለው ውሃ ውስጥ የነበረ አሉሚኒየም ሕሙማን ላይ ከባድ የአንጎል ጉዳት አድርሷል። ያ እውነት ነው፤ ነገር ግን አሉሚኒየሙ በአንጀት ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ደም የገባበትና ኩላሊት የማያስወግድበት ሁኔታ ነበር። ጤናማ ሰው ከሚበላው አሉሚኒየም ወደ ደሙ የሚያልፈው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፣ እሱንም ኩላሊቱ ያስወጣዋል። ድስት አልዛይመር እንደሚያመጣ የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ እስካሁን አልተገኘም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ሐኪሙን ቢያማክር ደግ ነው።

ልክም አለው። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ኮሚቴ በ2011 ያስቀመጠው ጣሪያ በሳምንት ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 2 ሚሊግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 120 ሚሊግራም ማለት ነው። ከደህና ድስት በአንድ ምግብ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሚሊግራም ነው። የሚጨምረው ኮምጣጣ ነገር ለረዥም ጊዜ ሲቆይበት ነው፤ ቲማቲም የበዛበት ስልስ ሰዓት ሙሉ ሲንተከተክ፣ ከዚያም ብሶ እስከ ነገ እዚያው ድስት ውስጥ ሲያድር። ስለዚህ ወጡ ሲበስል ወደ ብርጭቆ ወይም ወደ ሸክላ ዕቃ ይገልበጥ። እርሾና አብሲትም በአሉሚኒየም ባያድሩ ይሻላል።

«ጥሩ የቤት እመቤት የአሉሚኒየም ድስቷ እንደ መስታወት ያበራል።»

እንግዳ ሲመጣ ያኮራል፣ ለድስቱ ግን አይበጅም። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ገጹ ላይ በጣም ስስ የሆነ ጠንካራ ሽፋን ያበጃል፤ አሉሚኒየሙ ወደ ምግቡ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። በሽቦ ስንፈገፍገው እየላጥነው ነው። አመድ ደግሞ ይባስ፤ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሽፋኑን የሚያሟሟ ኃይለኛ ነገር ይሆናል፣ ድስቱ የሚያበራውም ለዚህ ነው። ሽፋኑ መልሶ ይሠራል፤ ድስቱ ግን በየጊዜው እየሳሳ ይሄዳል።

እንቁላል የተቀቀለበት ድስት ውስጡ መጥቆሩም የሚያስፈራ አይደለም። ውሃው ውስጥ ያሉ ማዕድናት ከሽፋኑ ጋር ተገናኝተው የፈጠሩት ቀለም ነው። ካላማረዎት ውሃ ከሎሚ ጭማቂ ጋር አፍልተው ይድፉት።

«እጅ የሚከብደው፣ በእጅ የተቀለጠው አሉሚኒየም ከፋብሪካው ይሻላል።»

ክብደቱ ለወጥ ጥሩ ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ይህ ድስት ነው። ምን እንደቀለጠ አይታወቅም። የመኪና ሞተር ቁራጭ፣ ራዲያተር፣ የኤሌክትሮኒክስ ስብርባሪ አንድ ላይ ሲቀልጡ እርሳስ አብሮ ይገባል። ከተለያዩ ታዳጊ አገሮች የተሰበሰቡ የእጅ ሥራ ድስቶች ተፈትሸው በ2017 በወጣ ጥናት ሲሶ ያህሉ የሚያሳስብ መጠን ያለው እርሳስ ሲለቁ ተገኝተዋል። ለሕፃን አንጎል ደህና የሚባል የእርሳስ መጠን የለም።

ነገሩ አገር ቤት ያለው ብቻም አይደለም። በሲያትል አካባቢ የጤና ባለሙያዎች ደማቸው ላይ እርሳስ የበዛ የአፍጋን ስደተኛ ልጆችን ቤት ሲፈትሹ ምንጩ ከአገራቸው የመጣው የአሉሚኒየም ፕሬዠር ኩከር ሆኖ አገኙት። የዋሽንግተን ክልል በ2024 በማብሰያ ዕቃ ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚገድብ ሕግ ያወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከአገር ቤት በሻንጣ ድስት ለምናስመጣ ሰዎች ታሪኩ ቅርብ ነው።

እርሳስ በዓይን አይታይም፣ በጣዕምም አይለይም። ልጅ ባለበት ቤት እንዲህ ያለ ድስት ለዓመታት ካገለገለ የልጁን ደም ማስመርመር ድስቱን ከመጠርጠር የበለጠ ይጠቅማል። ድስቱም አበባ ይተከልበት።

«ካስት አይረን ሳሙና ከነካው አበቃለት።»

የዚህ ከባድ የብረት ዕቃ ጥቁር ገጽ ቅባት ብቻ አይደለም። ዘይት በኃይለኛ ሙቀት ተለውጦ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ጠንካራ ሽፋን ነው፤ ለስላሳ የዕቃ ሳሙና አያነሳውም። ድሮ የሚፈራው ከባዱ የሶዳ ሳሙና ነበር። የዛሬ ጠላቱ ውሃ ውስጥ ማደር ነው። አጥበው ወዲያው ያድርቁት፣ እሳት ላይ ትንሽ ያሙቁትና በዘይት የተነካ ጨርቅ ያስነኩት።

ቢዝግም አይጣልም። ዝገቱን ፈግፍገው ያድርቁ፣ ዘይት ይቀቡት፣ ከዚያ ምንም ያልቀቡት እስኪመስል ድረስ ጥርግ አድርገው ያንሱት። ምድጃ ውስጥ ገልብጠው በ240 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ይተዉት። ገጹ ሙጫ ሙጫ ካለ ዘይቱ በዝቶ ነበር ማለት ነው። የማይጠገነው ስንጥቅ ነው፤ የጋለውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አይንከሩት።

«ካስት አይረን ብረት ስለሆነ ለሁሉም ሰው መድኃኒት ነው።»

ለብዙዎች በእርግጥ ይጠቅማል። በ1999 እ.ኤ.አ. በላንሴት የሕክምና መጽሔት የታተመ በኢትዮጵያ የተሠራ ጥናት ከ400 በላይ ቤተሰቦችን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ የብረት፣ ለግማሾቹ የአሉሚኒየም ድስት ሰጠ። ከዓመት በኋላ የብረት ድስት የደረሳቸው ቤቶች ልጆች ሄሞግሎቢን ከሌሎቹ በተሻለ ጨመረ። ሆኖም ሰውነታቸው ብረት የሚያከማች የዘር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሊርቁት ይገባል። በኢናሜል የተለበጠው ካስት አይረን ደግሞ ብረት ስለማይለቅ ለደም ማነስ ብሎ እሱን መግዛት ትርጉም የለውም።

ካስት አይረን ሙቀት እኩል ያሰራጫል የሚባለውም ልክ አይደለም። ሙቀትን በማስተላለፍ አሉሚኒየም በአራት እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። ካስት አይረን ጎበዝ የሆነው የያዘውን ሙቀት ባለመልቀቅ ነው። ትልቅ የብረት ድስት በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሲጣድ መሃሉ ሽሮውን ሲያሳርር ዳሩ ገና አልሞቀም።

«አንዱን ልምረጥና ለሁሉም ልጠቀምበት።»

ለአንድ ቤት ዕቃ ብገዛ ለቁሌትና ለወጥ ወፍራም፣ ገጹ በፋብሪካ የጠነከረ አኖዳይዝድ አሉሚኒየም እወስዳለሁ፤ ኮምጣጣ ነገር ከተራው በተሻለ ይቋቋማል። ለቡና፣ ለቆሎና ለጥብስ ካስት አይረን። ለእንቁላል ብቻ ደግሞ ትንሽ ርካሽ ቴፍሎን ከእንጨት ማማሰያ ጋር፤ በየቀኑ ከተሠራበት በጥቂት ዓመታት መቀየሩ ስለማይቀር ውዱን አልገዛም። ሴራሚክ የተለበጠው ከፍ ያለ ሙቀት ቢችልም ማይጣበቅነቱን ከቴፍሎን ቀድሞ ያጣል። የአሉሚኒየሙን ድስት ስንገዛ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ የአምራቹ ስም መኖሩንም እንይ።